ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ሉፕ፦ የአንድ ኤር ሃንድሊንግ ዩኒት የአሠራር ቅደም ተከተል እንዴት እንደገና ተጻፈ

## ጉዳዩ ባጭሩ

ይህ የራሴ ስህተት ታሪክ ነው። በአንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ የሜካኒካል ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። አየሩን አጣርቶ፣ አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ ወደ ክፍሎቹ የሚልከው የኤር ሃንድሊንግ ዩኒት የአሠራር ቅደም ተከተልንም እኔው ጻፍኩ። ፕሮግራመሩ የጻፍኩትን ወደ ኮንትሮለር አስገባው። ሥራው ተፈትሾ አለፈ፣ ሕንፃው ተረከበ። ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ሲገባ ግን ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ ቺለሩ፣ በማለዳ፣ ውጭው 10 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ መነሳት ጀመረ።

የሕንፃው ኦፕሬተር ደውለው «ውጭው ፍሪጅ ሆኗል፣ እኛ ደግሞ በረዶ እየገዛን ነው» አሉኝ። ኢኮኖማይዘር የተገጠመው ለዚህ ዓይነቱ ጠዋት ነበር። ውጭው ሲቀዘቅዝ የውጭውን አየር በብዛት አስገብቶ ቺለሩን ያሳርፋል ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራመሩን ጠረጠርኩ። ፋይሉን ሳየው ግን የጻፍኩትን ነው የሠራው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ታማኝ ነበር።

## ዩኒቱና የመጀመሪያው ጽሑፍ

ዩኒቱ ውስብስብ አይደለም። ፍጥነቱ በድራይቭ የሚስተካከል የአቅርቦት ፋን አለው። የአየሩን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ የውጭ አየር ዳምፐርና የተመላሽ አየር ዳምፐር አሉት፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ከዚያ ፊልተር፣ የሙቅ ውሃ ኮይል፣ የቀዝቃዛ ውሃ ኮይልና በመጨረሻ ፋኑ ይከተላሉ። ፋኑ ከኮይሎቹ በኋላ መሆኑን ያዙልኝ፤ የታሪኩ ግማሽ እዚያ ላይ ነው።

የሙቀት ሴንሰሮቹ አራት ናቸው። በስክሪኑ ላይ `OAT` የውጭ አየር፣ `RAT` የተመላሽ አየር፣ `MAT` የተደባለቀ አየር፣ `SAT` ደግሞ ከፋኑ በኋላ የሚወጣው የአቅርቦት አየር ነው።

ስለ ኢኮኖማይዘሩ የጻፍኩት ይኸው ነበር፦

«የውጭው አየር ለነፃ ማቀዝቀዝ ተስማሚ ሲሆን ኢኮኖማይዘሩ ዳምፐሮቹን እያንቀሳቀሰ የተደባለቀውን አየር ሙቀት ይጠብቃል። የውጭው አየር ካልበቃ ዩኒቱ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ይቀየራል።»

በሠንጠረዥ ደግሞ የአቅርቦት አየር ሴትፖይንት፣ ማለትም ሊጠበቅ የሚገባው ሙቀት፣ 14 ዲግሪ፣ ዝቅተኛ የውጭ አየር 20 በመቶ ብዬ ነበር። በቃ። እኔ ሳነበው ግልጽ ነው። የሚሠራው ሥርዓት በጭንቅላቴ ውስጥ ስላለ ግልጽ መሰለኝ።

## ትሬንዱ ምን አሳየ

የሁሉንም ሴንሰሮች፣ ዳምፐሮችና ቫልቮች ንባብ በየደቂቃው እንዲመዘገብ አድርገን አንድ ሳምንት ጠበቅን። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ወጡ።

የመጀመሪያው የማለዳው ነው። ውጭው 10፣ ተመላሹ 23 ዲግሪ። የተደባለቀው አየር 14 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዳምፐሩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቩ ግን ከ15 እስከ 25 በመቶ ይከፈታል። አልፎ አልፎ ደግሞ ቀዝቃዛው ሲዘጋ የሙቅ ውሃ ቫልቩ ይከፈታል፣ ከዚያ ተመልሶ ቀዝቃዛው። ሁለቱ እየተፈራረቁ ይወጣሉ ይወርዳሉ።

ምክንያቱ 1 ዲግሪ ነበር። ፋን ሲዞር አየሩን ያሞቃል፤ በዚህ ዩኒት ላይ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ያህል ነበር። ዳምፐሩ `MAT` ላይ 14ን አግኝቶ ረክቷል። አየሩ ግን ፋኑን አልፎ ሲወጣ 15 ሆኗል። ቫልቩ `SAT`ን ነው የሚያየው። 15 ሲያይ «ገና ነው» ብሎ ይከፈታል፣ ቺለሩን ይጠራል። ትንሽ አሳልፎ ሲያቀዘቅዝ የሙቅ ውሃው ሉፕ፣ ማለትም ሴንሰር እያየ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው የቁጥጥር ዑደት፣ ደግሞ ይነሳል። አንድ ዩኒት ላይ ሦስት ሉፕ፣ ሁለት ሴንሰር፣ አንድ ቁጥር።

የሚያናድደው ነገር የጎደለው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ነው። የውጭው አየር ድርሻ በዚህ ይሰላል፦

```
OA% = (RAT - MAT) / (RAT - OAT)

(23 - 14) / (23 - 10) = 69%
(23 - 13) / (23 - 10) = 77%
```

የውጭው አየር ድርሻ ከ69 ወደ 77 በመቶ ከፍ ቢል የተደባለቀው 13፣ የሚወጣው 14 ይሆን ነበር። ቺለሩ ጨርሶ አያስፈልግም። ዳምፐሩ ቦታ አልጠፋውም። ከዚህ በላይ ክፈት ያለው የለም እንጂ።

ሁለተኛው ችግር ረፋድ ላይ ይመጣል። ውጭው 14 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዳምፐሩ ከሙሉ ክፍት ወደ ዝቅተኛው ይወድቃል። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይከፈታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ 11 ጊዜ ቆጥረናል። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ይሰማል።

ይህ የመጣው «ተስማሚ» እና «ይቀየራል» ከሚሉት ሁለት ቃላት ነው። ፕሮግራመሩ ሊጽፍ ሲቀመጥ «ተስማሚ»ን በቁጥር መተካት ነበረበት። እኔ ቁጥር አልሰጠሁም። የውጭው አየር ብቻውን 14ን መስጠት የሚችለው ከ14 በታች ሲሆን ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ በላይ «አልበቃም»፣ ስለዚህ «ይቀየራል»፤ ዳምፐሩን ወደ ዝቅተኛ መልሶ ሥራውን ለቫልቩ ሰጠ። ከ14 በታች ቫልቩን ቆልፍ የሚል ስላላገኘም አልቆለፈውም። የማለዳው ችግር የገባው በዚህ በር ነው።

እኔ «ይቀየራል» ስል በልቤ «ይጨምራል» ማለቴ ነበር። ዳምፐሩ ክፍት ሆኖ ቫልቩ የጎደለውን ይሙላ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውጭው 18፣ ተመላሹ 23 ዲግሪ ይሁን። ዳምፐሩ ሙሉ ክፍት ከሆነ አየሩ ከፋኑ ሙቀት ጋር 19 ይሆናል፤ ኮይሉ 5 ዲግሪ ብቻ ያወርዳል። ዳምፐሩ ዝቅተኛው ላይ ሆኖ ሲሶው ብቻ የውጭ አየር ሲሆን ግን፣ ለምን 20 በመቶ እንዳልሆነ በኋላ እመጣበታለሁ፣ ድብልቁ 21.3፣ ከፋኑ ጋር 22.3 ነው። ኮይሉ 8.3 ዲግሪ ማውረድ አለበት። ከ14 ዲግሪ እስከ 22 ገደማ ያለውን ሰፊ ክልል በአንድ ግስ ምክንያት አጣነው።

## እንደገና ሲጻፍ

በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልጻፍኩም። ረቂቁን ይዤ ከፕሮግራመሩ ጋር ተቀመጥኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። በየመስመሩ ያስቆመኝ ነበር። «ፋኑ ጠፍቶ እያለ ዳምፐሩ የት ነው?» «ፋን በርቷል ስትል ትእዛዙ ነው ወይስ ማረጋገጫው?» «ዝቅተኛ ስትል የቦታ 20 ነው ወይስ የአየር 20?» አንዳንዱን ወዲያው መለስኩ። አንዳንዱን ደግሞ ራሴም አላውቀውም ነበር።

ትልቁ ለውጥ ሦስቱን ሉፕ አንድ ማድረግ ነው። የሚቆጣጠረው `SAT`ን ብቻ ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ አንድ ምልክት ነው፤ `CTL` አልነው። ምልክቱ ሲጨምር አየሩ ይቀዘቅዛል። ሦስቱ መሣሪያዎች ምልክቱን ተራ በተራ ይካፈሉታል፦

```
CTL  0–30   HWV 100→0   OAD = OADmin     CHWV 0
CTL 30–60   HWV 0       OADmin→OADmax    CHWV 0
CTL 60–100  HWV 0       OAD = OADmax     CHWV 0→100
RAD = 100 - OAD
```

`HWV` የሙቅ ውሃ ቫልቭ፣ `CHWV` የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቭ፣ `OAD` የውጭ አየር ዳምፐር፣ `RAD` የተመላሽ አየር ዳምፐር ነው። `OADmin` እና `OADmax` የውጭ አየር ዳምፐሩ ዝቅተኛና ከፍተኛ ገደቦች ናቸው። ሙቅና ቀዝቃዛ ቫልቭ አብረው ሊከፈቱ አይችሉም፤ ምልክቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልምና። ቀዝቃዛው ቫልቭ የሚነካው ዳምፐሩ የሚችለውን ሁሉ ከሰጠ በኋላ ነው። ዳምፐሩም ሲጨመርበት ወደ ዝቅተኛው አይመለስም። የፋኑ 1 ዲግሪ ጣጣም ራሱ ጠፋ፤ ሴንሰሩ ከፋኑ በኋላ ስለሆነ ዳምፐሩ ሙቀቱን አስቦ ይከፈታል። `MAT` ከቁጥጥር ወጥቶ ለማየትና ለማስጠንቀቂያ ብቻ ቀረ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አሽሬ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጋይድላይን 36ም የሚሄደው በዚሁ ሐሳብ ነው። ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ቀጥሎ «ተስማሚ»ን በቁጥር ተካነው። ጥያቄው የውጭው አየር ሴትፖይንቱን ይደርሳል ወይ አይደለም። የውጭው አየር ከተመላሹ ይቀዘቅዛል ወይ ነው። ከቀዘቀዘ ባይበቃም ይጠቅማል።

```
EconOK = TRUE    if OAT < RAT - 2.0 for 10 min
EconOK = FALSE   if OAT > RAT - 1.0 for 10 min
OADmax = 100 if EconOK else OADmin
```

በሁለቱ መካከል ከሆነ የነበረው እንደነበረ ይቆያል። ይህንንም በግልጽ ጻፍነው፤ ፕሮግራመሩ «መካከል ላይስ?» ብሎ ስለጠየቀ። ሁለተኛው ጥያቄው «`EconOK` ሐሰት ሲሆን ዳምፐሩ ይዘጋል ወይስ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል?» የሚል ነበር። ወደ ዝቅተኛው። በሕንፃው ውስጥ ሰው አለ፣ መተንፈስ አለበት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማሳያችሁ ነገር አለ። ዳምፐሩ ከሙሉ ወደ ዝቅተኛ ሲወድቅ የሚፈጠረው ዝላይ የሚወሰነው ገደቡ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው። በድሮው ገደብ ውጭው 14 ሲሆን ድብልቁ ሙሉ ክፍት ላይ 14፣ ዝቅተኛው ላይ 20 ነው። በአንድ ጊዜ 6 ዲግሪ። የትኛውም ሉፕ ይህን ሳይንገዳገድ አይቀበለውም። በአዲሱ ገደብ ውጭው 22 ሲሆን ድብልቁ ከ22 ወደ 22.7 ብቻ ይሄዳል። ሁለቱ አየሮች ተቀራራቢ ሲሆኑ የትኛው መጠን ገባ የሚለው ለውጥ አያመጣም። ዳምፐሩ በዚህ ቦታ ቢወድቅ ማንም አይሰማውም። የ10 ደቂቃው ቆይታና የ1 ዲግሪው ክፍተት ድጋፍ ናቸው። ዋናውን ያስተካከለው የገደቡ ቦታ ነው።

ንጽጽሩ በሙቀት ብቻ የሆነው አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው። እርጥብ አየር ባለበት ከተመላሹ የቀዘቀዘ የውጭ አየር ብዙ እርጥበት ይዞ ሊገባ ይችላል። ያኔ ገደቡ እርጥበትንም ማካተት አለበት።

«20 በመቶ» የሚለውም ተስተካከለ። እኔ የአየር መጠን ማለቴ ነበር፣ የተተረጎመው ግን የዳምፐር ቦታ ተብሎ ነው። ሲለካ ዳምፐሩ 20 በመቶ ሲከፈት የሚገባው የውጭ አየር ወደ ሲሶ ይጠጋል። የዳምፐር ቦታና የአየር መጠን እኩል አይሄዱም። በአዲሱ ጽሑፍ `OADmin` ባዶ ቁጥር ሆኖ ቀረ፦ «የአየር ሚዛን ቴክኒሻኑ 20 በመቶ የውጭ አየር የሚሰጠውን ቦታ ለክቶ ይሞላዋል»። ሲለካ 12 ሆነ።

ስለ በረዶ መከላከያው ቴርሞስታት የተጻፈው አጭር ነው። በሽቦ በቀጥታ ፋኑን ያቆማል፣ የውጭውን ዳምፐር ይዘጋል። ፕሮግራሙ የሙቅ ውሃ ቫልቩን ሙሉ ይከፍታል። በእጅ እስኪመለስ ዩኒቱ አይነሳም።

## ያልሠራው

አዲሱ ፕሮግራም በገባ በማግስቱ ጠዋት ኦፕሬተሩ እንደገና ደወሉ። አሁን ሰዎች በረዷቸው ነበር። ትሬንዱን ስከፍት ፋኑ ሲነሳ የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቩ 100 ላይ ነው፣ `SAT` ወደ 9 ዲግሪ ወርዷል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው የተረጋጋው።

ሌሊቱን ፋኑ ጠፍቶ ሉፑ ግን አልጠፋም ነበር። በቱቦው ውስጥ የቆመው አየር 21 ዲግሪ ነው። ሉፑ 21ን እያየ፣ 14 እየፈለገ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምልክቱን ሲገፋ አደረ። ሲነጋ 100 ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። «ፋኑ ሲጠፋ ቫልቮቹ ይዘጋሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። ፕሮግራመሩም ውጤቶቹን በግድ ዘጋቸው። ሉፑ ራሱ ምን ያድርግ የሚለውን ግን ማናችንም አላሰብነውም።

የተጨመረው መስመር ይህ ነው፦

```
if FanStatus is OFF, or ON for less than 30 s:
    CTL = 30, integral reset
    OAD = 0, CHWV = 0
    HWV = 100 if FreezeTrip else 0
```

`FreezeTrip` የበረዶ መከላከያው ቴርሞስታት ዩኒቱን ማቆሙን ያሳያል። `FanStatus` የሚመጣው ከሞተሩ የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው። ትእዛዙን ማየት አይበቃም፤ ቀበቶ ተበጥሶም ትእዛዙ «በርቷል» ይላል። ምልክቱ ከ30 የሚነሳው ሙቁ የሚያበቃበትና ዳምፐሩ የሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ ነው። ወደየትም ቢሄድ አካሄዱ ለስላሳ ነው።

የዚህ ታናሽ ወንድም ደግሞ `RAT` ላይ ተገኘ። ፋኑ ቆሞ ሳለ የተመላሹ ሴንሰር የቆመ አየር ነው የሚለካው። በዚያ ንባብ `EconOK`ን መወሰን ዋጋ የለውም። ስለዚህ የ10 ደቂቃው ቆጠራ የሚጀምረው ፋኑ መዞሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ እንዲሆን ተጻፈ። እስከዚያ `EconOK` ሐሰት ነው።

ሌላው በጽሑፍ የማይፈታ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ኢኮኖማይዘሩ ያለጊዜው ይዘጋ ነበር። የውጭው ሴንሰር ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ተገጥሞ ነበር። በእጅ መለኪያ ስናስተያየው 4 ዲግሪ ከፍ ብሎ ያነባል። ጥላ ወዳለበት ቦታ፣ ከአየር ማስወጫ ራቅ አድርገን አዛወርነው።

## ውጤቱና ፍተሻው

ከዚያ በኋላ ትሬንዱ ውጭው 10 ሲሆን `CTL` ከ60 በታች፣ ቀዝቃዛው ቫልቭ ዜሮ፣ `SAT` 14 አካባቢ አሳየ። ረፋድ ላይ ዳምፐሩ ሙሉ ክፍት ይሆናል፣ ቫልቩም ቀስ ብሎ ይጨመርበታል። ዳምፐሩ በቀን አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል።

ይህን ለማረጋገጥ ወቅት አልጠበቅንም። በኮንትሮለሩ ላይ `OAT`ን በእጅ አስገደድነው። ተመላሹ 23 ሆኖ ውጭውን 20 አድርገህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፤ `EconOK` እውነት መሆን አለበት። 21.5 አድርገው፤ እውነት እንደሆነ ይቆያል። 22.5 አድርገህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፤ ዳምፐሩ 12 ላይ ይቀመጣል። ተመልሰህ 21.5 አድርገው፤ አሁን ሐሰት እንደሆነ ይቆያል። ያው 21.5 ከሁለት አቅጣጫ ሁለት መልስ ሲሰጥ ነው መስመሩ በትክክል የተጻፈው። ፈተናው ሲያልቅ ማስገደዱን ማንሳት እንዳይረሳ፤ ስንት ሕንፃ በተረሳ ቁጥር ሲሠራ ይኖራል።

## ለቀጣዩ ሥራ የወሰድኩት

አሁን ስጽፍ እያንዳንዱን ግስ እጠረጥራለሁ። «ይጠብቃል» ካልኩ የትኛውን ሴንሰር፣ በየትኛው መሣሪያ? «ይቀየራል» ካልኩ የነበረው ምን ይሆናል? «ይቆማል» ካልኩ ውጤቱ ብቻ ነው ወይስ ሉፑም? ቅጽል ካገኘሁ ደግሞ ቁጥር፣ ክፍተትና ጊዜ እተካበታለሁ። «ተስማሚ»፣ «በቂ»፣ «ሲያስፈልግ» የሚሉት ቃላት ለፕሮግራመር ባዶ ቦታ ናቸው፤ እሱም በራሱ ግምት ይሞላቸዋል።

ሌላው፣ አንድ ሙቀት ላይ ከአንድ በላይ ሉፕ ካየሁ እቆማለሁ። በሁለቱ ሴንሰሮች መካከል ፋን ካለ ደግሞ ይበልጥ።

ለእያንዳንዱ መስመር ፈተናውን ከጎኑ እጽፋለሁ። ፈተና መጻፍ ካቃተኝ መስመሩ ገና አልተጻፈም። የድሮዬን «ተስማሚ ሲሆን» እንዴት ልፈትነው እችል ነበር?

ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በመጨረሻ ሁለት ገጽ ተኩል ሆኑ። የሚቀጥለውን ሕንፃ ጽሑፍ ለዚያው ፕሮግራመር ስልክለት አንድ ጥያቄ ብቻ በቀይ ጽፎ መለሰልኝ፦ «`RAT` ሴንሰሩ ቢበላሽስ?» እኔም ጨመርኩት፦ ንባቡ ከክልል ውጭ ከሆነ `EconOK` ሐሰት ይሆናል፣ ዳምፐሩ `OADmin` ላይ ይቆያል፣ ለኦፕሬተሩ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።